ዜሮ ኃይል ያለበት ቋሚ እንጨት

ስፋቱ 8፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የእንጨት ጣሪያ ትረስ እንውሰድ፦ ሁለት ዘንበል ያሉ እንጨቶች፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ አግዳሚ፣ መሃል ላይ ከጫፉ እስከ አግዳሚው የሚወርድ ቋሚ። ጫፉ ላይ 6 ኪሎ ኒውተን ቢያርፍ እያንዳንዱ ግድግዳ 3 ይሸከማል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከግድግዳው መጋጠሚያ ነው፤ እዚያ ያልታወቁት ኃይሎች ሁለት ብቻ ናቸውና። ዘንበል ያለው እንጨት 5 ሜትር ሲረዝም 3 ሜትር ይወጣል፣ 4 ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ የግድግዳውን 3 ኪሎ ኒውተን ለማመጣጠን በ5 ኪሎ ኒውተን ይታመቃል። ወደ ውጭም በ4 ይገፋል፤ አግዳሚው በዚያው መጠን ተወጥሮ ይይዘዋል።

ቋሚው ግን ስሌት አያስፈልገውም። የታችኛውን መጋጠሚያ ተመልከቱ፤ ከሦስቱ እንጨቶች ሁለቱ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው፣ ከውጭ የመጣ ጭነትም የለም። አግዳሚው የሚስበው ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ ቋሚው ቢሳብ የሚያመጣጥነው አያገኝም። ኃይሉ ዜሮ ነው።

ነቅሎ መጣል ግን ስሕተት ነው! ስሌታችን የእንጨቱን የራሱን ክብደት ትቷል፤ 8 ሜትር አግዳሚ ያለ ቋሚ መሃሉ ይረግባል። እዚያው ላይ 2 ኪሎ ኒውተን የሚመዝን ኮርኒስ ቢንጠለጠል ደግሞ ቋሚው በ2 ኪሎ ኒውተን ይወጠራል፤ በዘንበሎቹ ላይ ያለው ግፊትም ከ5 ወደ 6.7 ገደማ ያድጋል።