የሁዳዴ ቅናሽ በሞያሌ፦ ማስታወቂያው ምን ይጻፍበት?

ኬንያ ሞያሌ ያለ አንድ ምግብ ቤት በሁዳዴ በያይነቱን በቅናሽ ሊያቀርብ አስቦ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ያወጣል እንበል። የሚያነቡት ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆጥራል፣ ሌላው በፈረንጅ፤ የአንዱ ኪስ ብር ይዟል፣ የሌላው ገንዘብ ኤምፔሳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቢለጠፍ ማንንም የማያደናግር «የጾም ቅናሽ እስከ ፋሲካ!» የሚል መስመር እዚህ ገንዘብ ተቀባዩን ከደንበኛ ጋር ያጨቃጭቃል።

የ2018ቱን ሁዳዴ እንውሰድ። ጾሙ የገባው ሰኞ የካቲት 9፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2026 ነው። ረመዳንም የገባው በዚያው ሳምንት ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ «የጾም ቅናሽ» የሚለውን ያነበበ ሰው ማፍጠሪያ መስሎት ማታ ቢመጣ አይፈረድበትም። ቅናሹ ለምሳ ብቻ ከሆነ «የሁዳዴ» ተብሎ በስሙ መጠራት አለበት።

መጨረሻው ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። የኦርቶዶክስ ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ማለትም ኤፕሪል 12 ዋለ፤ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ኬንያዊ ግን ፋሲካን ያከበረው ከሳምንት በፊት፣ ኤፕሪል 5 ነው። ስለዚህ በዓሉን መጥራት ቀኑን አይተካም። «የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ሚያዝያ 3፣ ኤፕሪል 11» ከተባለ የሚያከራክር ነገር አይቀርም። ዓመተ ምህረቱንም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይገባል። «2018» ብቻ የተጻፈበትን ፎቶ ያየ ኬንያዊ የስምንት ዓመት አሮጌ ማስታወቂያ ይመስለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በስዋሂሊ ሲነገር እንደ እኛው ከንጋት ይቆጠራል፣ ስልክ ላይ ሲነበብ ግን ስድስት ሰዓት 12:00 ነው።

ዋጋው ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በያይነቱ 350 ሽልንግ ሲሸጥ ቆይቶ 280 ከሆነ ቅናሹ 20 በመቶ ነው፣ እውነትም ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው 400 አድርጎ ከዚያ ላይ መቀነስ ግን ማታለል ነው። የኬንያው የ2012 የሸማቾች ጥበቃ ሕግም የሌለን የዋጋ ጥቅም አለ ብሎ ማስተዋወቅን ይከለክላል። የብር ዋጋ መለጠፍን እኔ አልመክርም። ምንዛሪው ተለዋዋጭ ስለሆነ ለሁለት ወር ገደማ በአንድ የብር ዋጋ መጽናት ያስቸግራል። ዋጋውን በሽልንግ ብቻ ጽፎ፣ ብር የሚቀበሉበትን የዕለቱን ተመን ጠዋት ጠዋት ሒሳብ መክፈያው ጋ መለጠፍ ይሻላል።

ከቅናሹ ውጭ የሆነው ነገር ዋጋው በተጻፈበት ፊደል መጠን፣ እዚያው ከሥሩ ይጻፍ። «ሁኔታዎች አሉት» ማለት ምንም አለመናገር ነው። «እስኪያልቅ ድረስ» የሚለውም ያው ነው፤ ወጥ ቤቱ በቀን 40 ሰሃን ብቻ የሚያወጣ ከሆነ 40 ይባል። ሰባት ሰዓት ላይ ደርሶ አለቀ የተባለ ሰው ቁጥሩን ቀድሞ ካነበበ ነገ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ካላነበበ ግን ተታለልኩ ይላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው «ጾም» የሚለው ተስፋ ነው። ሽሮው በዘይት ቢሠራም፣ ቅቤ የነካ ጭልፋ ከገባበት ለጿሚው የጾም አይደለም። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ማስታወቂያውን ከመልቀቁ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ ድስቱና ጭልፋው በእርግጥ መለየቱን ይይ። ካልተለየ ድስቱና ጭልፋው ለብቻው ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይተወው።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ማስታወቂያው ከዚህ አይረዝምም፦

«የሁዳዴ በያይነቱ 280 ሽልንግ (የቀድሞው ዋጋ 350)። ከሰኞ የካቲት 9 እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 3 ቀን 2018፤ በፈረንጅ ከፌብሩዋሪ 16 እስከ ኤፕሪል 11 ቀን 2026። በየቀኑ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት (በስልክ ሰዓት 12:00–3:00)። በቀን 40 ሰሃን። መጠጥንና ተጠቅልሎ የሚወሰድን አይጨምርም። በኤምፔሳ፣ በሽልንግ ወይም በዕለቱ ተመን በብር ይከፈላል። የጾም ድስትና ጭልፋ ለብቻው ነው።»

ዋጋውና ሁለቱ ቀኖች ፎቶው ላይም መታተም አለባቸው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ፎቶው ከጽሑፉ ተነጥሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ባለቤቱ የራሱን ገጽ ቢያርምም እዚያ አይደርስበትም። ቀን ያለበት ፎቶ በግንቦት ቢመጣ ገንዘብ ተቀባዩ ለደንበኛው ቀኑን ያሳየዋል። ቀን የሌለበት ከመጣ ግን ጥፋቱ የቤቱ ስለሆነ፣ በ280 ማስተናገድ ሳይሻል አይቀርም።