የራስን መኪና የማያስጠግን መድን

አዲስ አበባ ውስጥ ቦሎ ለማደስ የሚሄድ ሰው ከሚይዛቸው ወረቀቶች አንዱ የሶስተኛ ወገን መድን ነው። በየመንገዱ “ሰርድ ፓርቲ” የምንለው ይኸው ነው። አረቦኑ ይከፈላል፣ ስቲከሩ የፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው “ኢንሹራንስ አለው” ይባላል። ልዩነቱ የሚታወቀው መኪናው የተጋጨ ዕለት ነው። ባለቤቱ ጋራዥ የጻፈለትን የዋጋ ግምት ይዞ መድን ድርጅቱ ዘንድ ሲቀርብ፣ የገጨውን መኪና እንጂ የራሱን እንደማያስጠግኑለት ይነገረዋል። ሰውየው እንደተታለለ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ የከፈለው እርሱ ነው፣ ስሙም ውሉ ላይ አለ። ሆኖም ድርጅቱ የነገረው እውነት ነው። ለምን እውነት እንደሆነ የሚገባን ይህ መድን ከመነሻው ለማን ተብሎ እንደተሠራ ስናይ ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በባለመኪና ላይ ከባድ ኃላፊነት ጥሏል። በቁጥር 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ መሪውን የያዘው እርሱ ባይሆንም፣ ያጠፋው ጥፋት ባይኖርም ይጠየቃል። ሕጉ ለተጎጂው መብት ሰጥቷል ማለት ነው። ግን መብት ብቻውን ሐኪም ቤት አይከፍልም። ገጪው ከዚያች አሮጌ መኪና በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ሰው ከሆነ፣ ፍርድ ቤት የፈረደው ካሳ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በእግሩ የተተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የደፈኑት ይህንን ክፍተት ነው። ማንም ሰው መኪናውን መንገድ ላይ ከማውጣቱ በፊት፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ከበስተኋላው የሚከፍል ድርጅት እንዲኖረው አስገደዱ።

መንግሥት ዜጋን መድን ግዛ ብሎ ሊያስገድድ የቻለው ለዚሁ ነው። የራስህን ንብረት ማስጠገን አለማስጠገን የራስህ ጉዳይ ነው፤ ቤትህን መድን አስገባ ብሎ የሚያስገድድህ የለም። ያልጠረጠረ እግረኛ ላይ፣ ወይም የሌላ ሰው ሱቅ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ግን ያንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ግዴታው የሚዘረጋው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ሽፋኑም እዚያው ላይ ያቆማል።

ስለዚህ አንድ አደጋ ሲደርስ መድን ድርጅቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ደንበኛዬ በዚህ አደጋ ምክንያት በሕግ ለማን ምን ያህል ዕዳ አለበት? ዕዳው ካለ፣ እስከ ውሉ ጣሪያ ድረስ በደንበኛው ፈንታ ይከፍላል። የደንበኛው የራሱ መኪና ግን በዚህ ጥያቄ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሰው ለራሱ ባለዕዳ አይሆንምና። በዝናብ ተንሸራቶ የግለሰብ አጥር ያፈረሰ ሾፌር ቢኖር የአጥሩ ባለቤት ካሳ ያገኛል፤ አጥሩን ያፈረሰው መኪና ኮፈን ግን በባለቤቱ ኪስ ይጠገናል። መኪናው ብቻውን ቢገለበጥ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ዛፍ ቢወድቅበት ለማንም የሚከፈል ዕዳ አልተፈጠረም፤ መድኑም ምንም አይከፍልም።

ይህን ለማረጋገጥ የውሉን አንቀጾች መመርመር እንኳ አያስፈልግም። ሲገዙት የተጠየቁትን ማስታወስ ይበቃል። ለግዴታው መድን አረቦኑ የሚሰላው በተሽከርካሪው ዓይነትና በአገልግሎቱ ነው፤ የቤት ነው ወይስ ታክሲ፣ ስንት ሰው ወይም ስንት ኩንታል ይጭናል የሚለው ነው የሚታየው። የመኪናው ዋጋ አይገባበትም። በቅርቡ የተገዛ ውድ የቤት መኪናና ሃያ ዓመት ያገለገለ የቤት መኪና በአንድ ምድብ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። እግረኛን በመግጨት ረገድ ሁለቱም ያው አደገኛ ናቸውና ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው። ነገር ግን ስለ መኪናዎ ዋጋ ምንም ሳይጠይቅ አረቦን የወሰደ ድርጅት ያንን መኪና ለማስጠገን ቃል ሊገባ አይችልም። ሙሉ ሽፋን ሲገዙ በተቃራኒው መጀመሪያ የሚጠየቀው የመኪናው ዋጋ ነው፤ አረቦኑም የዚያ ዋጋ መቶኛ ሆኖ ስለሚሰላ ከግዴታው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ የተገጨ መኪና በሶስተኛ ወገን መድን ፈጽሞ አይጠገንም ማለት ነው? አይደለም። ይጠገናል፤ የሚጠገነው ግን በሌላው ሰው መድን ነው። የእርስዎ መኪና ለገጨዎት ሾፌር የሶስተኛ ወገን ንብረት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የራሱን ድርጅት ደጅ ሲጠና ይከርምና የሚገባውን ካሳ ከሚከፍለው ድርጅት ሳይጠይቅ ይቀራል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት የምትነዳት ቪትዝና አንድ ሚኒባስ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተጋጩ እንበል። ሰው አልተጎዳም። የቪትዟ ኮፈን፣ ራዲያተርና ሁለቱ የፊት መብራቶች ተበላሽተዋል፤ ጋራዥ 180,000 ብር ገመተ። የሚኒባሱ በር ተጨራምቷል፤ 60,000 ብር ተገመተ። ሁለቱም ያላቸው የግዴታው መድን ብቻ ነው፤ በሁለቱም ውል ላይ ለንብረት ጉዳት የተጻፈው ጣሪያ 100,000 ብር ነው። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ ይህ ነበር፤ በደንብ ሊሻሻል የሚችል ቁጥር በመሆኑ አንባቢ በእጁ ባለው ውል ላይ የሰፈረውን ይመልከት።

ትራፊክ ፖሊስ ፕላን አንስቶ ቀይ መብራት የጣሰችው ባለቪትዟ እንደሆነች ከተረጋገጠ፣ የእርሷ መድን ድርጅት ለሚኒባሱ ባለቤት 60,000 ብር ይከፍላል። የእርሷ 180,000 ብር የራሷ ነው። መድኗ ሥራውን ሠርቷል፤ ከ60,000 ብር ዕዳ አድኗታል፤ መኪናዋ ግን ጋራዥ ቆማለች።

ጥፋተኛው የሚኒባሱ ሾፌር ከሆነ ደግሞ የእርሱ ድርጅት ይከፍላታል፤ ግን እስከ 100,000 ብር ብቻ። የቀረውን 80,000 ብር የምትጠይቀው የሚኒባሱን ባለቤት በግል ነው። ካልከፈለ ክስ መመሥረት አለባት። የግዴታ መድን ጣሪያ ሕጋዊውን ኃላፊነት አይቀንስም፤ ድርጅቱ የሚሸከመውን ድርሻ ብቻ ይወስናል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር ይህ ክፍተት በየዓመቱ የሚሰፋ ነው፤ የጣሪያው ቁጥር ግን ደንብ እስኪወጣ ድረስ ባለበት ይቆማል።

ሦስተኛው ሁኔታ ከሁለቱም ይበልጥ ማንም የማይጠብቀው ነው። ፕላኑ ማን እንዳጠፋ ባያሳይስ? ምስክር የለም፤ ሁለቱም አረንጓዴ ነበረልኝ ይላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ለዚህ መልስ አለው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል፤ ጠቅላላው ጉዳት ተደምሮ እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት እንደደረሰ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ጠቅላላው ጉዳት 240,000 ብር ስለሆነ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 120,000 ብር ነው። በእርሷ መኪና ላይ የደረሰው 180,000 ብር ስለሆነ ከድርሻዋ በላይ የሆነው 60,000 ብር ከሚኒባሱ ወገን ይመጣላታል። የሚኒባሱ ባለቤት በበኩሉ የራሱን በር በራሱ ይጠግናል፤ የእርሱ ድርጅት ደግሞ ለእርሷ 60,000 ብር ይከፍላል። እርሱ አንድ ሳንቲም ወደ ቤቱ አልወሰደም።

ከዚህ የምንረዳው የግዴታ መድን ብቻ ላለው ሰው ፕላኑ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው። ፖሊስ ሳይደርስ መኪኖቹን አንቀሳቅሶ፣ መንገድ ዳር ተጨባብጦ “እኔ አሠራልሃለሁ” ተባብሎ የተለያየ ሰው በማግስቱ ሐሳቡን የቀየረ ባላጋራ ቢገጥመው ጥፋቱን የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ቆሞ ያደረ መኪና ላይ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ጉዳት አድርሶ ቢሄድ ደግሞ ችግሩ የባሰ ነው፤ የሚጠየቅ ሌላ ድርጅት የለምና። ላልታወቀ ተሽከርካሪ ሰለባዎች የተቋቋመው የመድን ፈንድ የታሰበው ለሞተና ለቆሰለ ሰው ነው።

ሙሉ ሽፋን ያለው ሰው በዚህ ሁሉ ድካም አያልፍም። ጥፋቱ የማንም ይሁን የራሱ ድርጅት መኪናውን ያስጠግንለታል፤ በውሉ የተጻፈውን ተቀናሽ ገንዘብ ብቻ እርሱ ይከፍላል። ድርጅቱ ከዚያ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን ወገን ይጠይቃል። ለመኪና ብድር የሰጠ ባንክም ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል፤ መኪናው ሲገለበጥ መያዣው አብሮ ስለሚጠፋ የግዴታው መድን ብቻ አያረካውም፣ ሙሉ ሽፋን ገዝተህ አምጣ ይላል።

የሽፋኑ ወሰን ከአገር አገር ይለያያል። እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን “ቢቱአህ ሆቫ” የሚሉት የግዴታ መድን በጎርጎርሳውያን 1975 በወጣ ሕግ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የሚከፍለው ለሰው አካል ጉዳት ብቻ ነው። ማን እንዳጠፋ ሳይጠይቅ ሾፌሩን ራሱንም ይክሳል፤ ነገር ግን የራስንም ሆነ የሌላውን መኪና አይነካም። የገጩትን መኪና እንኳ ለማስጠገን ለብቻው ሌላ ውል መግዛት ያስፈልጋል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሾች “ላያቢሊቲ” የሚሉት ዝቅተኛው ውል ከጎርጎርሳውያን ጥር 2025 ጀምሮ ለሌላ ሰው ንብረት 25,000 ዶላር ይከፍላል። ከአዲስ አበባ ልምድ ይዞ የሄደ ሰው እዚያ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ እዚያ ኮምፕሬሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለበረዶና ለአጋዘን ግጭት እንጂ ከሌላ መኪና ጋር ለመጋጨት አይሆንም። ለግጭቱ ኮሊዥን የሚባለው ለብቻው መጨመር አለበት። በሌላ በኩል የቨርጂኒያ ሕግ መድን የሌለው ሰው ቢገጭህ የሚከፍል ሽፋን በያንዳንዱ ውል ውስጥ እንዲካተት ያዝዛል፤ በዚህ በኩል ዝቅተኛው ውል እንኳ የባለቤቱን መኪና ሊያስጠግን ይችላል። በዚህ ሽፋን ለመጠቀም ግን ጥፋተኛው መድን የሌለው ያ ሾፌር መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ድርጅቱ የሚከፍለው ያ ሰው ሊገዛው ይገባ የነበረውን መድን ተክቶ ነው።