ያልተፈረመበት ቀን

ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደች አንዲት ሕፃን አለች እንበል፤ ዛሬ ደግሞ ጥር 10 ቀን 2018 ነው። በክትባት ካርዷ ላይ በፔንታ ሦስቱም ረድፎች ቀን ተጽፏል፦ መስከረም 15፣ ኅዳር 20፣ ታኅሣሥ 18። ላየው ሰው ሦስቱንም የጨረሰች ይመስላል።

የመጨረሻው ቀን ግን በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ፊርማም የለውም። ቀጠሮ እንጂ የተሰጠ ክትባት አይደለም። ካርዱን ወደ ሠንጠረዥ ስንገለብጥ ለእያንዳንዱ ክትባት ሁለት ቦታ የምንለየው ለዚህ ነው፤ አንዱ መሰጠት ለነበረበት ቀን፣ ሌላው በእርግጥ ለተሰጠበት። ቀኑ የቀጠሮ ይሁን የክትባት ካጠራጠረ፣ የተከተበችበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ይለየዋል።

ፔንታ በአገራችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ብዙ ወላጅ 6 ሳምንቱን «አንድ ወር ተኩል» ብሎ ያስበዋል፤ ትክክለኛው ግን 42 ቀን ነው። እዚህ ላይ ጳጉሜን መርሳት ቀላል ነው። ከነሐሴ 1 እስከ ጳጉሜ 1 ድረስ 30 ቀን፣ ከዚያ የጳጉሜ 5 ቀናት፣ ከመስከረም ደግሞ 7 ሲታከሉ መስከረም 8 ላይ እንደርሳለን። ጳጉሜን የዘለለ ሰው መስከረም 13 ይላል። ከዚህ በኋላ 28፣ 28 ቀን ስንጨምር ሁለተኛው ጥቅምት 6፣ ሦስተኛው ኅዳር 4 ይሆናል።

ሕፃኗ ግን የመጀመሪያውን በመስከረም 15፣ ሁለተኛውን በኅዳር 20 ነው የወሰደችው። ሁለተኛውን በወሰደችበት ዕለት የሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 4፣ አልፎ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መስጠት ደግሞ አይቻልም። በሁለት ዶዝ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ዶዝ ወደፊት እንቆጥራለን፤ ኅዳር 20 ላይ 28 ቀን ሲጨመር ታኅሣሥ 18 ይመጣል። የእርሳሱ ቀጠሮ ትክክል ነበር ማለት ነው። እስከ ጥር 10 ድረስ 22 ቀን አልፎታል። በሠንጠረዡ ላይ ከሦስተኛው ፔንታ ትይዩ «ያለፈ፣ ከታኅሣሥ 18 ጀምሮ» ብለን እንጽፋለን።

ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቀው «ቀኑ ስላለፈ እንደገና ከአንድ ይጀመራል» የሚለው ስጋት ነው። አይጀመርም። የተሰጡት ሁለቱ ይቆጠራሉ፤ የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ፣ ወይም ቁጣ በመፍራት፣ ከነጭራሹ የሚቀሩ አሉ፤ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

የኩፍኝ ረድፍም ባዶ ነው፤ ግን «ያለፈ» አይባልም። የመጀመሪያው በ9 ወር ስለሚሰጥ ቀኑ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ገና» ተብሎ ይጻፋል። የፔንታው ግን ሚያዝያን አይጠብቅም። እናትየዋ ካርዱን ይዛ በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ይሰጣታል፤ ያን ዕለት የእርሳሱን ቀን ትታ፣ የተሰጠበትን ቀን በብዕር አስጽፋ፣ አስፈርማ ትመለስ።