ትንሿ «ን» እና ምንባቧ

«ልጄ ለምን የሰዋስው ሕግ አይጻፍለትም? ለምን ተረት ብቻ ያነባል?» ለሚል ወላጅ የአማርኛ መምህር በደብዳቤ መልስ ሲሰጥ ከሁሉ የምታግዘው ምሳሌ ትንሿ «ን» ናት።

ሕጉ አጭር ነው፤ ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም፣ ማለትም ተሳቢው፣ «ን» ይጨመርበታል። ውጭ አገር ተወልዶ በሳምንቱ መጨረሻ አማርኛ የሚማር ልጅ ይህን በቃሉ ይይዝና ፈተና ላይ በትክክል ይመልሳል። ከዚያ ቤት ገብቶ እናቱን «ውሃን ስጪኝ» ይላታል። ትስቃለች እንጂ ስህተቱን ማስረዳት ይቸግራታል። ውሃ ተሳቢ ነው፤ ልጁም ሕጉን አክብሯል፤ እሱን መውቀስ ግፍ ነው።

የጎደለው ነገር፣ «ን» የምትገባው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን መሆኑ ነው። የትኛው እንደሆነ ተናጋሪውም ሰሚውም ካወቁት ትገባለች፤ ገና ያልተጠቀሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትቀራለች። የሰው መጠሪያ የታወቀ ስለሆነ «ከበደን ጠራሁት» እንላለን። ሌላው ስም ግን መታወቁ የሚታየው ከፊቱ ባለው ዓረፍተ ነገር ነው። ለየብቻ ተቆርጠው በተደረደሩ የመልመጃ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ደግሞ ከፊት ያለ ነገር የለም።

ስለዚህ መምህሩ እንዲህ ያለ አጭር ምንባብ ያቀርባል፦ «አንድ ገበሬ በሬ ገዛ። በሬውን ወደ ቤት ወሰደው። ልጆቹ ሣር አመጡ። በሬው ሣሩን በላው።» ልጁ መጀመሪያ ለታሪኩ ብቻ ያነበዋል። በሁለተኛው ንባብ «ን» ካለባቸው ቃላት ሥር ያሰምርና እያንዳንዱ ነገር ቀድሞ የት እንደተጠቀሰ ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልጋል። በሬውም ሣሩም መጀመሪያ ሲነሱ «ን» የላቸውም፤ ደግመው ሲነሱ ግን ይዘዋታል። መምህሩ ሕጉን የሚናገረው ከዚህ በኋላ ነው። በሌላ ቀን «ትልቁን በሬ ሸጠ» የሚል ምንባብ ሲመጣ፣ ምልክቷ ከስሙ ወደ ቅጽሉ መዛወሯን ልጁ ራሱ ያስተውላል።

ሆኖም ንባብ ብቻውን አይበቃም። «ን» ብትዘለልም ታሪኩ ስለሚገባ፣ መጨረሻውን ለማወቅ የሚጣደፍ ልጅ ሳያያት ያልፋል። ሁለተኛው ንባብና የሕጉ መነገር ያስፈለጉት ለዚህ ነው። ምንባቡም ባብዛኛው ልጁ በሚያውቃቸው ቃላት መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የቃላቱን ትርጉም ሲፈልግ ለአንዲት ፊደል የሚተርፍ ትኩረት አይኖረውም።

ልጁ ነገሩ እንደገባው ወላጅም ቤት ውስጥ ማወቅ ይችላል። ያንኑ ምንባብ «ን»ን እያወጡ መገልበጥና እንዲሞላው መስጠት ነው። «ሣር አመጡ» በሚለው ላይ «ሣርን» ብሎ ከጻፈ አሁንም በቃሉ በያዘው ሕግ እየሄደ ነው። ያንን ትቶ «ሣሩን በላው» ላይ ብቻ ከጨመረና ለምን ሲባል «ቅድም ስላመጡት» ካለ ግን ገብቶታል።