ትክክል ሆኖም ከጨዋታ መውጣት አለ

«ፊውቸርስ ማለት ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ብሎ መገመት አይደል እንዴ?» ይሉኛል ጓደኞቼ። እኔ ደግሞ ግምቱ ግማሹ ብቻ ነው እላለሁ። ሌላው ግማሽ በየቀኑ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። የምናውቀውን ቡና ይዤ ላስረዳችሁ።

ኒውዮርክ ላይ የሚገበያየው የአረቢካ ቡና ውል አንዱ 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 17 ቶን ነው። ዋጋው የሚጠራው በአንድ ፓውንድ ስንት ሴንት ተብሎ ነው። ስለዚህ ዋጋው አንድ ሴንት ሲንቀሳቀስ በአንድ ውል 375 ዶላር ይመጣል ወይም ይሄዳል።

አሁን አንድ የአውሮፓ ነጋዴ ይህን ያህል ቡና መጋዘን አስቀምጧል እንበል። ሳይሸጠው ዋጋ እንዳይወርድበት ስለሰጋ አንድ ውል በ300 ሴንት ይሸጣል። የውሉ ዋጋ 112,500 ዶላር ቢሆንም የሚያስይዘው ማርጂን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 10,000 ዶላር። ሂሳቡ ከ9,000 በታች መውረድ የለበትም። ቁጥሩን ገበያው እንደ ሁኔታው ይቀያይረዋል።

በመጀመሪያው ቀን ዋጋው 302 ሆነ። የዚያኑ ዕለት ማታ ከሂሳቡ 750 ዶላር ተነስቶ ለገዢው ወገን ይገባል፤ የቀረው 9,250 ነው። በማግስቱ 305 ሲገባ 1,125 ይወጣና 8,125 ይቀራል። ይኼኔ ደላላው ይደውላል፦ ሂሳቡን ወደ 10,000 መልስ፣ 1,875 ዶላር አስገባ። ማርጂን ኮል የሚባለው ይኼ ነው።

መጋዘን ያለው ቡናም በዚሁ 1,875 ዶላር ዋጋው ጨምሯል፤ ስለዚህ ሰውየው አልከሰረም። ግን ያልተሸጠ ቡና ማርጂን አይከፍልም። ጥሬ ገንዘቡን በጊዜ ካላመጣ ደላላው ውሉን በ305 ይዘጋዋል። በሳምንቱ ዋጋው ወደ 300 ቢመለስ ቡናው ይረክሳል፤ የተዘጋው ውል ግን አይክሰውም። በ2024 ኖቬምበር 300 አካባቢ የነበረው ዋጋ በ2025 ፌብሩዋሪ ከ400 አለፈ። በአንድ ውል ከ37,500 ዶላር በላይ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በየቀኑ ይከፈላል? ኪሳራው ተጠራቅሞ ተሸናፊው «የለኝም» እንዳይል ነው።

ውሉ ደግሞ ማብቂያ አለው፤ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበር ወይም ዲሴምበር። እስከ መጨረሻው የያዘ ሻጭ ጥራቱ የተረጋገጠ ቡና ያስረክባል፤ ገዢም ይረከባል። ይህን የማይፈልግ የማስረከቢያው ማስታወቂያ ከመጀመሩ በፊት ይዘጋል ወይም ወደሚቀጥለው ወር ያዛውራል። «ዋጋው እስኪመለስ እጠብቃለሁ» እዚህ ቀን አለው።

ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመገመታችሁ በፊት አንድ ነገር አካፍሉ። በምሳሌያችን ያለው ትርፍ ማርጂን 1,000 ዶላር ነው። ለ375 ሲካፈል ሦስት ሴንት እንኳ አይሞላም። ቡና ይህን ያህል በአንድ ቀን ይንቀሳቀሳል።