የአንድ ዓመት ጋራንቲ ለባለሱቁ ስንት ያወጣል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ከዋጋው ቀጥሎ የምትጠይቁት ነገር ይታወቃል፤ «ጋራንቲ አለው?» ሻጩም «አንድ ዓመት!» ብሎ ካርዷ ላይ ቀን ይጽፍና ማኅተሙን ያሳርፋል። እናንተ ካርዷን ካርቶኑ ውስጥ ከትታችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ካልተበላሸ በቀር ስለ ካርዷ የሚያስብ የለም።

ለባለሱቁ ግን ያቺ ካርድ ዕዳ ናት። ጥያቄው ዕዳው መዝገብ ላይ የሚጻፈው መቼ ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ስልኩ ተበላሽቶ ሲመጣ፣ ጥገናው ሲከፈል» ይላል። የሂሳብ አያያዝ መልስ ግን ሌላ ነው፦ ስልኩ በተሸጠበት ዕለት። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን እናንተ ተመልሳችሁ ስትመጡ ሻጩ ፊቱን ያዞርባችሁ ወይስ ያስተናግዳችሁ እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

በቁጥር እንየው። ምሳሌው የፈጠራ ነው። ሁለት ሸሪኮች ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ ስልኮች ይሸጣሉ እንበል። ያገለገሉ ስለሆኑ ከጀርባቸው የፋብሪካ ዋስትና የለም፤ ጋራንቲውን የሚሸከመው ሱቁ ራሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት 300 ስልክ ሸጡ። አንዱን በ13,500 ብር ገዝተው በ15,000 ሸጡት፤ ከእያንዳንዱ 1,500፣ በጠቅላላው 450,000 ብር አተረፉ። ኪራዩንና ደመወዙን ለጊዜው እንተወው።

ሰኔ 30 ላይ ሂሳብ ዘጉ። «225,000፣ 225,000 እንካፈል» ቢሉ ደስ ይላል። ግን ብዙዎቹ ስልኮች የተሸጡት ከሚያዝያ ወዲህ ነው፤ ጋራንቲያቸው ገና አላለቀም። ገንዘቡን ተካፍለው ከጨረሱ በኋላ ኅዳር ላይ ቦርዱ የተቃጠለ ስልክ ሲመጣ ከማን ኪስ ይወጣል? ያኔ ነው «ውኃ ገብቶበታል»፣ «ወድቆ ነው» የሚባለው ሰበብ የሚጀምረው።

መፍትሔው ግምት ነው። የትኛው ስልክ እንደሚበላሽ ማንም አያውቅም፤ ከ300 ስልክ ስንቱ እንደሚመለስ ግን ካለፈው ልምድ መገመት ይቻላል። ሸሪኮቹ የአምና ደብተራቸውን ገለጡ። ከ100 ስልክ 90ው አይመለስም። 8ቱ ባትሪ ወይም የቻርጅ መሰኪያ ይቀየርላቸዋል፤ ለአንዱ 1,000 ብር። 2ቱ ቦርድ ወይም ስክሪን ይፈልጋሉ፤ ለአንዱ 6,000 ብር። እዚህ ውስጥ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ አባይ በረሃን አቋርጦ የሚመጣበት ኪራይም አለ። ደንበኛው ራሱ የሰበረው ወይም ውኃ ያስገባበት ግን አይቆጠርም፤ ጋራንቲው አይሸፍነውምና።

ስለዚህ ለ100 ስልክ 8,000 እና 12,000፣ ድምሩ 20,000 ብር። በአንድ ስልክ 200 ብር ማለት ነው። ለ300ው 60,000 ብር። መዝገቡ ላይ «የዋስትና ወጪ» ዴቢት 60,000፣ «የዋስትና መጠባበቂያ» ክሬዲት 60,000 ይሆናል። መጠባበቂያው በዕዳ በኩል ይቀመጣል፤ የሂሳብ ሰዎች ፕሮቪዥን የሚሉት ይኼንኑ ነው። ትርፉ አሁን 390,000 ብር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሸሪክ 195,000። እውነተኛው ትርፍ ይኼ ነው፤ ያ 200 ብር ከመጀመሪያውም የእነሱ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ብዙዎችን ያደናግራል። እስከ ሰኔ 30 ድረስ 10 ቀላልና 1 ከባድ ብልሽት መጣ፤ 16,000 ብር ወጣ። ይኼ እንደገና ወጪ ተብሎ ከትርፍ አይቀነስም፤ አንዴ ተቀንሷላ! የሚቀነሰው ከመጠባበቂያው ነው፦ መጠባበቂያው ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘቡ ወይም የመለዋወጫ ክምችቱ ክሬዲት። 44,000 ብር ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውም ጥያቄ ከዚሁ ላይ ይነሳል፤ የ2018ን ትርፍ አይነካም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መጠባበቂያ ገንዘብ አይደለም፤ መዝገብ ላይ ያለ ዕዳ ነው። 44,000 ብር ተጽፎ መሳቢያው ባዶ ሊሆን ይችላል። ብልህ ሸሪክ ያንን ያህል ብር ባንክ ውስጥ ለይቶ ያስቀምጣል። ደግሞም መጠባበቂያው ለተያዘለት ነገር ብቻ ነው የሚውለው፤ የቤት ኪራይ ጨመረ ተብሎ ከዚያ አይቀነስም።

ግምቱ ቢሳሳትስ? እስከ ታኅሣሥ 2018 መጨረሻ 10 ቀላልና 5 ከባድ ብልሽት ተጨመረ እንበል፤ 40,000 ብር ወጣ። የቀረው 4,000 ብቻ ነው፤ የብዙዎቹ ስልኮች ጋራንቲ ግን ገና የወራት ዕድሜ አለው። ምልክቱ ብሩ ማለቁ ብቻ አይደለም። ለዓመቱ የተገመቱት 6 ከባድ ብልሽቶች ቀድመው ሞልተዋል። ሸሪኮቹ ካርዶቹን ሲደረድሩ ቦርዳቸው የተቃጠለው ስልኮች በአንድ ጭነት የመጡ ሆነው ተገኙ። ከዚያው ጭነት ገና 5 ከባድ፣ ከሌላው 4 ቀላል ብልሽት ይመጣል ብለው ገመቱ፤ 34,000 ብር። ስለዚህ 30,000 ብር ይጨምራሉ። ጭማሪው የ2018 ወጪ ነው፤ የ2017 መዝገብ ተመልሶ አይከፈትም፣ ያኔ በነበረው መረጃ ግምቱ ትክክል ነበርና። በተቃራኒው ጋራንቲው ሁሉ አልፎ ገንዘቡ ቢተርፍ፣ ትርፉ ወደ ገቢ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ነገር ትልልቆቹንም ያጋጥማል። በሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360 ጌም ማጫወቻ ሦስት ቀይ መብራት እያበራ ሥራ ስላቆመ፣ ለዚህ ብልሽት ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ። በዚያው ጊዜ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዘገበ። ገንዘቡ ያን ዕለት አልተከፈለም፤ ወደፊት የሚመጣው ጥገና ግምት ነበር።

አገራችን ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ገና ያልደረሰን፣ ይደርሳል ተብሎ ብቻ የተያዘን ወጪ አይቀንስም። ለግብር የሚቆጠርላቸው በእርግጥ የወጣው 16,000 ብር ነው። ስለዚህ የመዝገቡ ትርፍ 390,000 ሲሆን ለግብር ስሌት 434,000 ይሆናል። ቀሪው 44,000 የሚቀነስላቸው ጥገናው በተከፈለበት ዓመት ነው። ይኼን ሳያውቅ «መጠባበቂያ ይዣለሁ» ብሎ ግብሩን ያሳነሰ ሰው በኋላ ከነቅጣቱ ይጠየቃል።

እንግዲህ ቀጣይ ስልክ ስትገዙ «ጋራንቲ አለው?» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ባለፈው ዓመት ስንት ስልክ ተመለሰላችሁ?» ደብተር ገልጦ ቁጥር የሚነግራችሁ ሻጭ 200 ብሯን ከሽያጩ ቀን ጀምሮ ቆጥሯታል። «ኧረ የእኛ ዕቃ አይበላሽም!» የሚለው ግን ምናልባት ትርፉን ተካፍሎ ጨርሷል።