«አንዲት ቁልፍ ብቻ» ሲባል የሚጻፍ ደብዳቤ

አንድ መድኃኒት ቤት ሽያጩንና ክምችቱን የሚመዘግብለት ሶፍትዌር አዘዘ እንበል። ርክክቡ ሰኔ 20 ነው፤ ባለቤቱ ሐምሌ 1 የሚገባውን የበጀት ዓመት በአዲሱ መዝገብ መጀመር ይፈልጋል። ግንቦት ማለቂያ ላይ ደውሎ፣ «ሰው በቴሌብርም ይክፈል፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ ጨምሩልኝ» አለ።

ሠሪው በስልክ «እሺ፣ እናያለን» ካለው፣ ባለቤቱ ጭማሪውም ቀኑም እንደተፈቀደለት ይቆጥረዋል። መልሱ በጽሑፍ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ደብዳቤው በመጀመሪያ ከቁልፏ ጀርባ ያለውን ሥራ ማስረዳት አለበት። ገዢው ከፍሎ ወዲያው ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ገንዘቡ ገብቶ ሽያጩ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የክፍያ ማረጋገጫውን መቀበል፣ ካልመጣም ራሱ ጠይቆ ማወቅ፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋም ሁለቱን መዝገቦች ማመሳከር ይኖርበታል። ለሥራው 9፣ ለፍተሻው 3፣ በድምሩ 12 የሥራ ቀን ይፈጃል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ቡድን ይህ ሁለት ሳምንት ነው።

ከዚያ ደብዳቤው እንዲህ ይቀጥላል፦

«ጉዳዩ፦ የቴሌብር ክፍያ ስለመጨመር

የጠየቁንን ጭማሪ መሥራት እንችላለን። ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ሁሉም ተሟልቶ ርክክቡ ሐምሌ 4 ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሰኔ 20 እንደጸና ቴሌብር ይገባል፤ በምትኩ ለደንበኞች የሚላከው አጭር መልእክትና የወሩ የሽያጭ ሪፖርት ይቀራሉ።

ሦስተኛ፣ የታዘዘው ሰኔ 20 ይረከባል፤ ቴሌብር ሐምሌ 6 ይከተላል። ሁለት ቀን የጨመረው ሥራ ላይ ያለውን መዝገብ እንደገና መፈተሽ ስላለብን ነው።

መልስዎን እስከ ሰኔ 3 እንጠብቃለን። እስከዚያ በቀድሞው ዕቅድ እንቀጥላለን።»

በሁለተኛው ምርጫ የወጡት ሥራዎች እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም። አንዱ 5፣ ሌላው 7 ቀን የሚወስዱ፣ ሁለቱም ገና ያልተጀመሩ ናቸው። ያለቀ ሥራ ቢሰረዝ የሚመልሰው ቀን የለም። ሰኔ 3 የተቆረጠውም በማግስቱ የአጭር መልእክቱ ሥራ ስለሚጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ምርጫ አይኖርም።

ብዙ ደንበኛ ፍተሻው እንዲያጥር ወይም ሰው እንዲጨመር ይጠይቃል። ገንዘብ የሚያልፍበት ሥራ ሳይፈተሽ መውጣት የለበትም። አዲስ ባለሙያም ሥራውን እስኪያውቅ የነባሮቹን ጊዜ ይወስዳል፤ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል።

እኔ ባለቤቱን ብሆን ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ሐምሌ 1 አያልፍም፤ ቴሌብር ሲገባም ገንዘብ ተቀባዮቹ መዝገቡን ለምደውታል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰዎ አንባቢ፣ የመረጡትን ከተቆረጠው ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ።